«ቤቱን እንፈልገዋለን» ማስጠንቀቂያ አይደለም

ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ግድም በኋላ፣ ሚያዝያ 17 ቅዳሜ ማታ፣ አከራያችን ደወሉልኝ። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ልጆች፣ ጤና፣ የዘይት ዋጋ። ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ውሉ ሰኔ ላይ ያልቃል አይደል? ቤቱን እንፈልገዋለን።»

«በሰላም ነው ጋሼ? ለምን ፈለጋችሁት?»

«እንፈልገዋለን አልኩህ እኮ።»

«እሺ፣ እስከ መቼ ነው የምንለቀው?»

«አንተ ብቻ ከአሁኑ መፈለግ ጀምር።»

ስልኩ ተዘጋ። በሳምንቱ አንድ ደላላ ሁለት ሰዎች አስከትሎ በራችንን አንኳኳ። የከፈተችው ባለቤቴ ናት። «ቤት ለማየት ነው፣ አከራይዋ ያውቃሉ» አላት። እኛ የምንኖረው በ14 ሺህ ብር ነው። ደላላው ደረጃው ላይ ለእንግዶቹ 22 ሺህ ሲል ሰማችው። አከራያችን ቤቱን ለምን እንደፈለጉት ያወቅነው እንግዲህ ከደረጃው ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ለራሴ አዝኜ ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የጸደቀው መጋቢት 24 ቀን 2016 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን አከራያችንን ይዘን ወረዳ ሄደን ውል ያስመዘገብነው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነበር። አዋጁ የኪራይ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስላዘዘ ብዙው ሰው የፈረመው ለሁለት ዓመት ነው። ቁጠሩት፤ የእነዚያ ውሎች ጊዜ የሚያልቀው ዘንድሮ፣ በዚህ ወር ነው። በየኮንዶሚኒየሙ እንደኔ ዓይነት ስልክ የተደወለለት ሰው ስንት እንደሆነ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጠይቁ።

አዋጁ ሲወጣ የተከራከርነው ስለ ጭማሪው ነበር። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ብቻ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን። ጥሩ ነው። ስለ ውሉ የመጨረሻ ወራት ግን ማናችንም አልጮህንም። የድሮው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1952ቱ፣ ጊዜው የተወሰነ ኪራይ ጊዜው ሲያልቅ ያለ ማስጠንቀቂያ በራሱ ያበቃል ይላል። ሐሳቡ ሁለቱም ወገኖች ቀኑን ከመጀመሪያው ያውቁታል የሚል ነው። በወረቀት ላይ ልክ ነው። በኑሮ ግን ተከራይ የሚያውቀው ውሉ የሚያልቅበትን ቀን እንጂ የሚወጣበትን ቀን አይደለም። ውሉ ይታደስ አይታደስ የሚያውቀው አከራዩ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ መጨረሻው ሳምንት «እናያለን» ማለት ይችላል።

የኔ ክርክር አጭር ነው። አከራይ ውል አላድስም የማለት መብት አለው። ይህን ሲል ግን በጽሑፍ፣ ምክንያቱን ገልጦና የመውጫውን ቀን ቆርጦ ይበል። ወረዳውም ውሉን እንደመዘገበ ሁሉ ይህንንም ይመዝግብ።

«ቤቱ የኔ ነው፣ ለምን ምክንያት እሰጣለሁ?» የሚለውን መልስ ከወዲሁ እሰማዋለሁ። ምክንያት የሚጠየቀው ይሉኝታ ለማስያዝ አይደለም። ምክንያት የተጻፈ እንደሆነ በኋላ ሊታይ ይችላል። «ልጄ ከዱባይ ልትመጣ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ቤቱ ውስጥ ልጁ ትገኛለች ወይስ ሌላ ተከራይ፣ ማንም ማየት ይችላል። «እንፈልገዋለን» ያለ ሰው ግን ምንም አላለም፤ ስለዚህ አይዋሽምም፣ አይጠየቅምም። በስልክ ተነግሮ በወረቀት የማይደገም ምክንያት ብዙውን ጊዜ በወረቀት ሊሰፍር የማይችል ምክንያት ነው። አከራያችን «ከአዋጁ ውጭ 8 ሺህ ብር መጨመር ስለፈለግኩ» ብለው አይጽፉም።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደያዘው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁን ዘመድ ጠይቁ። እዚያ የውሉ ጊዜ ማለቁ ብቻውን ተከራይን ለማስወጣት አይበቃም። ባለቤቱ ራሱ ልኖርበት ነው ካለ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል፣ ቤቱን ከተረከበ በኋላ ደግሞ ለ12 ወር ለሌላ ሰው አከራይቶ ኪራይ መቀበል አይችልም። ይህች የ12 ወር ክልከላ ብዙ ውሸትን ገና ሳይነገር ታስቀረዋለች። ጀርመንም አከራዩ ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ከፈለገው ለማን እንደሆነ ደብዳቤው ላይ መጻፍ አለበት፤ የማስጠንቀቂያው ጊዜም እንደ ተከራዩ ቆይታ ይረዝማል፤ ሦስት ወር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ስድስት፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ዘጠኝ ወር። ምክንያቱ የውሸት ከነበረ ተከራዩ ካሣ መጠየቅ ይችላል። እኛ የነሱን ሕግ እንገልብጥ አላልኩም። ምክንያትና ቀን መጠየቅ የግል ንብረትን መውረስ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። በሁለቱም አገር ባለቤት ባለቤት ነው።

አሁን ወደ ቀኑ። በኔ ጉዳይ ጊዜው አነሰ ማለት አልችልም። ከሚያዝያ 17 እስከ ሰኔ 28፣ ውሌ እስከሚያልቅበት፣ 71 ቀን ነበረኝ። ችግሩ 71 ቀን እንዳለኝ አለማወቄ ነው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አከራያችን ዘንድ ሄጄ ቁርጡን ጠየቅኳቸው። ለሰስ ብለው «እናንተማ ልጆቼ ናችሁ፣ ትንሽ ብታስቡልኝ እኮ መቆየት ትችላላችሁ» አሉኝ። ትንሿ 20 ሺህ ሆና ተገኘች። ወረዳ ያለው ውል 14 ላይ ይቆያል፣ ቀሪውን 6 ሺህ በየወሩ በእጅ መስጠት ነው። እምቢ አልኩ። «እንግዲያው እናያለን» አሉ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሦስት ሳምንት ቤት የምፈልግበት ነው ወይስ የምለምንበት? ምክንያቱ ያልተነገረ፣ ቀኑ ያልተቆረጠ ማስጠንቀቂያ መደራደሪያ ነው የሚሆነው። ተከራዩ ሲጨነቅ ዋጋው ይወጣል።

ሁለት ወር የሚባለው ልክም ከሰማይ የወረደ አይደለም። አዲስ ቤት በ22 ሺህ ባገኝ የሁለት ወር ቅድሚያ 44 ሺህ ብር ነው። የደላላው፣ የአይሱዙው፣ የጫኝና አውራጁ ገና አልተቆጠረም። በወር ደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ ይህን ከአንድ ደመወዝ አያወጣውም። ቢያንስ ሁለት ደመወዝ በመካከል ማለፍ አለበት። ልጅ ያለው ደግሞ ፈተናው ሰኔ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ሊቀይር ከሆነ ክረምት ላይ ምዝገባ አለ፣ ወረዳ ከቀየረ መሸኛ አለ። «እስከ ሰኔ መጨረሻ» የሚባለውም ቀን አይደለም። የሰኔ 30 ጠዋት ነው ማታ? ቁልፍ ማን ለማን ይሰጣል? የመብራትና የውሃው ቆጣሪ መቼ ይነበባል? የመጨረሻው ቀን ጠብ ሁሉ የሚነሳው ከነዚህ ነው።

በዚሁ ሕንጻ፣ ከኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ነገሩን በአንድ ገጽ ጨርሰውታል። ለተከራዮቻቸው መጋቢት 15 በእጃቸው የጻፉትን ደብዳቤ አሳይተውኛል። ቃል በቃል አልገለብጠውም፤ ይዘቱ ይህ ነው። ልጃቸው ከቤይሩት ጠቅልላ ስለምትመጣ ውሉን አያድሱም። ውሉ የሚያበቃው ሰኔ 10 ነው፣ በዚያ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቁልፍ ይረካከባሉ፣ ቆጣሪው አብረው ቆመው ይነበባል። ቀድመው ከወጡ የቀሩትን ቀናት ኪራይ ይመልሳሉ። ቤት ለማየት የሚመጣ ሰው የለም። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተጽፎ ተከራዮቹም ፈርመውበታል። 85 ቀን ማለት ነው። ተከራዮቹ ሰኔ 6 ወጡ፣ የአራት ቀን ሒሳባቸው ተመለሰላቸው፣ ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ገባች። እኔ ራሴ ሻንጣ አግዣለሁ።

አከራዮች ወረቀት የሚሸሹበትን አንድ ፍርሃት አውቃለሁ፣ ከንቱ ነው አልልም። «ወረቀት ከሰጠሁት ይዞት ወረዳ ይሄዳል፣ ፍርድ ቤት ያጉላላኛል» ይላሉ። ቀኑ ካለፈ በኋላ አልወጣም ብሎ የሚቀመጥ ተከራይም አለ፤ ስሙን የማላነሳው ወዳጄ አራት ወር እንዲህ ኖሯል፣ አላጨበጨብኩለትም። ግን ዝምታው አከራዩንም ይጎዳዋል። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ጊዜው ካለቀ በኋላ ተከራዩ ተቃውሞ ሳይገጥመው መኖሩን ከቀጠለ ውሉ ጊዜ ላልተወሰነ ኪራይ እንደታደሰ ይቆጥረዋል። ምንም ሳይጽፍ የሐምሌን ኪራይ በባንክ የተቀበለ አከራይ «ጊዜው አልቋል» ብሎ ለመከራከር ምን ይዞ ይቀርባል? ማስረጃው ቀን ያለው፣ ሁለቱም የፈረሙበት ያ አንድ ገጽ ነበር።

ወረዳው ማድረግ ያለበትም ከባድ አይደለም። ውሉ መዝገብ ውስጥ አለ፣ የሚያልቅበት ቀንም ዋጋውም ተጽፎበታል። ውሉ ከማለቁ 60 ቀን በፊት የአላድስም ማስታወቂያ ከነምክንያቱ በዚያው ፋይል ይግባ። ቤቱ በሌላ ተከራይ ስም ለምዝገባ ሲመጣ መዝጋቢው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያድርግ። «ለልጄ» ተብሎ የተለቀቀ ቤት በወሩ በ22 ሺህ ለባዕድ ሲከራይ ጥያቄ ይነሳ። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ቅጽ ላይ አንድ ገጽ መጨመር ነው። በእጅ የሚሰጠውን 6 ሺህ ይህ አያቆመውም፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ ቢያንስ ግን ተከራዩ እምቢ ሲል ቀኑን አውቆ እምቢ ይላል።

ዛሬ ሰኔ 16 ነው። ትናንት ለአከራያችን በስልክ መልእክት፣ «ጋሼ፣ ውሉ የሚያልቀው ሰኔ 28 ስለሆነ በዚያ ቀን ቁልፍ ለመረካከብ ዝግጁ ነን፤ እባክዎ ምክንያቱንና ሰዓቱን በጽሑፍ ያድርጉልን» ብዬ ላክሁ። «ከስንት ሰላምታ በኋላ ወረቀት?» የሚል መልስ መጣ። ሰኔ 28 እሑድ ነው። አይሱዙውን ለቅዳሜ ይዘነዋል።