አፍንጫሽ አልሰፋም፣ ስልኩ ቀርቦ ነው

ተማሪዎችን ሰብስቦ «ፊልተር ውሸት ነው፣ አትመኑት» ብሎ መምከር ጊዜ ማጥፋት ይመስለኛል። ውሸት መሆኑን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፤ የሚመርጡትም፣ የሚያበሩትም፣ የሚያጠፉትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ስለዚሁ ጉዳይ አጭር ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ፣ ምክሩን ትቼ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ሄድኩ።

ሜትሩ ያስፈለገኝ ለአፍንጫ ነው። ልጆች በፎቶ ስለሚታየው ፊታቸው ሲያማርሩ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው አፍንጫ ነው። «ሰልፊ ላይ ይሰፋብኛል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ያለ ፊልተር የተነሱትን ፎቶ አይተው ነው። በእነሱ ዘንድ ፊልተር የሌለው ፎቶ እውነቱ ነው፤ ፊልተሩ ደግሞ የእውነቱ ማስተካከያ። የነገሩ ውል የጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፊልተር የሌለበት ሰልፊም ፊትን እንዳለ አያሳይም።

አንድ ነገር ፎቶ ላይ የሚኖረው መጠን ከካሜራው በራቀ ቁጥር ያንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ስልኩን ከአፍንጫ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ እንያዘው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ወደ ኋላ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል አለ እንበል። ጆሮው ከካሜራው 42 ሳንቲ ሜትር ራቀ ማለት ነው። 42ን ለ30 ስናካፍል 1.4 ይመጣል፤ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 40 በመቶ ገዝፎ ይወጣል። ያው ሰው ስልኩን ለጓደኛው ሰጥቶ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ቢነሳ፣ የምናካፍለው 162ን ለ150 ነው። ልዩነቱ ወደ 8 በመቶ ወረደ። ፊቱ ያው ፊት ነው።

በፈረንጆቹ 2018 በአሜሪካ የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ የፊት ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ዶክተር ቦሪስ ፓስኮቨር ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ በመካከለኛ የፊት ልኬት ላይ አስልተው አሳትመዋል። በ30 ሳንቲ ሜትር የተነሳ ሰልፊ ከአንድ ሜትር ተኩሉ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በወንድ 30፣ በሴት 29 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ አገኙ። ሐኪሙ ጉዳዩን የያዙት፣ አፍንጫቸውን ለማስቀነስ የሚመጡ ታካሚዎች ሰልፊያቸውን እያሳዩ ስላስቸገሯቸው ነው።

ክበቡ ውስጥ አንድ ፈቃደኛ ልጅ አቁመን በሜትር እየለካን በሁለቱም ርቀት አነሳነው። የፊቱ መጠን እኩል እስኪሆን ፎቶዎቹን ቆርጠን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። አፍንጫው ሲጠብ ሁሉም አየ፤ ሳቁ የመጣው ግን በጆሮው ነው። በቅርቡ ፎቶ ላይ ከጉንጩ ኋላ ተደብቀው የነበሩት ጆሮዎች በሩቁ ብቅ ብለዋል። «ለካ ጆሮ አለህ!» ብላ አንዷ ጮኸች።

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ የእኔ ግን መስታወት ላይም ሰፊ ነው» አለችኝ። ጥያቄዋ ከሜትሬ በላይ ነበር። ሰፊ አፍንጫ በዓለም ላይ አለ፤ የእናቴም ሰፊ ነው፣ የእኔም። ርቀት መለካት የሚፈታው የካሜራውን ጥፋት ብቻ ነው። ሰፊ መሆን ጥፋት ነው ያለው ግን ማነው? ይህን ለመመለስ ፊልተሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ፊልተሩ ፊት ሲያገኝ በመጀመሪያ ላዩ ላይ ነጥቦች ይዘራል። ጉግል ለሶፍትዌር ሠሪዎች በነጻ የለቀቀው ሚዲያፓይፕ የተባለው መሣሪያ ለአንድ ፊት 468 ነጥቦች ይጠቀማል። ነጥቦቹ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ተያይዘው እንደ መረብ ፊቱን ይለብሱታል። ከዚያ መረቡ ይሳባል፦ የአፍንጫው ክንፎች ወደ መሃል፣ የዓይኑ ዳርቻ ወደ ውጭ፣ መንጋጋው ወደ ውስጥ። ልብ በሉ፣ መረቡ የማን ፊት ላይ እንዳረፈ ደንታ የለውም። ሰፊ አፍንጫ ላይም ቢያርፍ፣ መርፌ በመሰለ አፍንጫ ላይም ቢያርፍ የሚስበው ወደዚያው ወደ መሃል ነው። ስለዚህ ቀጭን አፍንጫ ያላት ልጅም ፊልተሩን ስታጠፋ አፍንጫዋ የሰፋ ይመስላታል። ፊልተር የሚያወጣው መስፈርት አንድ የሆነ መልክ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዳንዱ ሰው ይደርስበት ነበር። አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ማንም አይደርስበትም። የኋላ ወንበሯ ልጅ የገጠማትም ከቀጭኗ ጓደኛዋ የተለየ አይደለም።

ቀጥሎ ቆዳው ይለሰልሳል። እያንዳንዷ የምስል ነጥብ ከሚመስሏት ጎረቤቶቿ ጋር ቀለሟ ይደባለቅና መካከለኛው ይወሰዳል፤ እንደ ዓይንና ከንፈር ያለ ደማቅ ጠርዝ ሲያጋጥም ይታለፋል። ብጉር ይጠፋል። ግን የቆዳ ቀዳዳም፣ ማርያም የሳመችው ምልክትም፣ የደበዘዘ የግንባር ንቅሳትም አብሮ ይሄዳል፤ ስሌቱ ብጉርን ከመስቀል አይለይም። በመጨረሻም ፊቱ ይፈካና ጠይሟ ቀይ ሆና ትወጣለች። በፈረንጆቹ 2017 ፌስአፕ የተባለው መተግበሪያ ሰውን ማራኪ ያደርጋል ያለው ፊልተር የጥቁሮችን ቆዳ ሲያነጣ ተገኝቶ የድርጅቱ ኃላፊ ይቅርታ ጠይቀዋል። ምክንያት ያደረጉትም ሥርዓቱ የተማረባቸው ፎቶዎች ሚዛን የሳቱ መሆናቸውን ነው። ለጥያቄዋ መልስ የምለው ይህንን ነው፦ ሰፊ አፍንጫን ጥፋት ያደረጉት የልጅቷን ቤተሰብ አንድም ቀን ያላየ ሰው የመረጣቸው ቁጥሮች ናቸው።

ፊልተር መኖሩ በምን ይታወቃል? ቀላሉ ፈተና ከኋላ ያለ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የበር መቃን ወይም የግድግዳ ጠርዝ መንጋጋ አጠገብ ሲደርስ ከጎበጠ መረቡ ጎትቶታል። በቪዲዮ ደግሞ እጅን ፊት ላይ ማሳለፍ ድሮ ያጋልጥ ነበር፤ መረቡ ይናጋል። በ2023 ቲክቶክ ላይ የወጣው ቦልድ ግላመር ግን እጅ ሲያልፍበት አልፈረሰም፤ ስለዚህ ይህኛውን ፈተና እያደር የሚያከሽፍ ይመጣል። ቲክቶክ በ2024 መጨረሻ መልክ የሚለውጡ ፊልተሮችን ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ እንደሚከለክል አስታውቋል። የልደት ዘመኑን የሚሞላው ግን ልጁ ራሱ ነው፤ የክበቡን ልጆች ስጠይቃቸው ተያይተው ሳቁ።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ማንም ሳይመርጠው የሚሠራው ነው። የብዙ ስልኮች የፊት ካሜራ ቢውቲ የሚባለውን ማሳመሪያ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ አብርቶ ይመጣል። ልጁ «ያለ ፊልተር ነው» ብሎ የለጠፈው ፎቶ ሳያውቀው ለስልሶ ሊሆን ይችላል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ አጥፍቶት ከሆነ ሁለቱ የሚነጻጸሩት በሁለት ሚዛን ነው። ወላጆች የካሜራውን ማስተካከያ ከፍታችሁ የቢውቲውን ቁጥር ዜሮ ላይ ማድረስ ትችላላችሁ፤ የደቂቃ ሥራ ነው።

የዘንድሮ ተመራቂዎችን መጽሔት ለምታዘጋጁ የክበብ አባላትም ልመናዬ አጭር ነው። ቢውቲውን አጥፉ፣ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ፣ ፊቱን ለማቅረብ ዙም አድርጉ እንጂ ወደ ፊት አትጠጉ። ፎቶ ቤቱ «ላለስልሰው?» ብሎ ሲጠይቃችሁም ባለቤቱን ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ።