ጢም ዕድሜ አይደለም

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን የድሮ የክፍል ፎቶ ያያችሁ ብዙዎቻችሁ፣ ከኋላ የቆመውን ባለ ጢም ልጅ «አስተማሪው እሱ ነው አይደል?» ብላችሁኛል። ልጁ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። አስተማሪው ከፊት ያለሁት፣ ጢሜን ተላጭቼ ኮፍያ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ 34 ዓመቴ ነበር።

ሳቅኩ፣ ግን አልፈርድባችሁም። ፎቶው ራሱ ይዋሻል። የተነሳነው ቀትር ላይ ግቢ ውስጥ ነው። ፀሐይ ከአናት ሲወርድ ከዓይን ሥርና ከአፍንጫ ግራና ቀኝ ጥላ ይጥላል፤ ጥላው ደግሞ መጨማደድ ይመስላል። ልጁ ብርሃኑን ሸሽቶ ዓይኑን ስላጠበበ የዓይኑ ዳር ተሸብሽቧል። ሲስቁም እንዲሁ ነው፣ ያ መስመር ፊቱ ሲፈታ ይጠፋል። የእኔ ኮፍያ ደግሞ የሸሸውን ፀጉሬን ደብቆልኛል። ሽበትም ቢሆን አትመኑት፣ በዘር ሆኖበት በ20ዎቹ የሚሸብት አለ። በመጨማደድ መቁጠርም እኛን አይገልጸንም፤ ጥቁር ቆዳ ፀሐይን ስለሚከላከል ጥሩ መስመሮች የሚወጡብን ዘግይተው ነው።

ታዲያ ምን እንይ? የላይኛውን ከንፈር። ከዕድሜ ጋር እየሳሳ ይሄዳል፣ ከአፍንጫ እስከ ከንፈር ያለው ቦታም ይረዝማል፤ ስለዚህ ሰውየው ሲያወራ የላይኛው ጥርሱ እያነሰ ይታያል። ከዚያ ቅንድቡ ዳር ወደ ጆሮ ያለውን ሰሌን የመሰለ ጠፍጣፋ ቦታና ጉንጩን እዩ፤ ሥሩ ያለው ስብ ስለሚቀንስ ይጎደጉዳሉ። ቅንድቡ ዳር ያለውን ጢምም ሳቅም አይደብቀውም። ጆሮም በዓመት 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ግን ሰው ከሰው ስለሚለያይ የሚጠቅመው የአንድን ሰው ሁለት ፎቶ ስታወዳድሩ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እነዚህ ምልክቶች 35ን ከ55 ይለያሉ እንጂ 17ን ከ19 አይለዩም። በዚያ ዕድሜ ፊት የሚናገረው ጉርምስና መቼ እንደጀመረ ነው። አንዱ በ15 ጢም ያወጣል፣ ሌላው በ20ም የለውም።

ይሄን ቀልድ አድርጌ የማልተወው ለዚህ ነው። በእንግሊዝ አገር ያለ ወረቀት የመጣ ወጣት መልኩና ሁኔታው «በጣም በግልጽ ከ18 በላይ» ከመሰለ ባለሥልጣኖቹ እንደ አዋቂ እንዲይዙት መመሪያው ይፈቅዳል። አንድ ኤርትራዊ ልጅ እንዲህ ተገምቶ ታሰረ፤ በኋላ ግን ልጅ እንደነበረ ታወቀ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያው ሕጋዊ ነው ተባለ። ሕጋዊ ይሁን፣ ለእኔ ግን ትክክል አይደለም። የፊት ግምት ለአቅመ አዳም መድረስ አካባቢ ከሆነ አንድ ቁጥር ሳይሆን «ከ15 እስከ 22» ተብሎ ነው መነገር ያለበት፤ ጥርጣሬውም ለልጁ ይሁንለት።

ባለ ጢሙም ዛሬ እዚህ አለ። ኮሜንት ላይ ራሱን ይግለጥ፣ አሁን እሱም ጢሙን ይላጫል አሉ!