የምግብ ቱቦው ቀን ይቆረጥለት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣
አዲስ አበባ

በየሆስፒታሉ ዋርድ በአፍንጫቸው በገባ ቱቦ የሚመገቡ፣ የመዳናቸው ነገር ግን ያጠራጠረ ታካሚዎች አሉ። ካርዳቸው ሲገለጥ ስለ ምግቡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፦ «ኤን ጂ ቲዩብ ይግባ፤ በየ4 ሰዓቱ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጥ።» ቱቦው ለምን ዓላማ እንደገባ፣ ከማን ጋር እንደተመከረበት፣ ምን ሲታይ እንደሚወጣ አይጻፍም። ይህ ደብዳቤ ሚኒስቴሩ ለዚሁ ጉዳይ አንድ ገጽ አዘጋጅቶ በካርዱ ውስጥ እንዲያስገባ ይጠይቃል።

ያቺ አንዲት መስመር ራሷ ጎዶሎ ናት። 200 ሚሊ ሊትር የምን? አስታማሚው ከቤት በፔርሙዝ የሚያመጣው የላም ወተት ከሆነ፣ በ100 ሚሊ ሊትር 65 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በቀን ስድስት ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር ሲሰጥ 780 ይሆናል ማለት ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ በቀን የሚታሰበው ግን ከ1,250 እስከ 1,500 ነው። አጥሚት ከሆነም በሲሪንጅ እንዲወርድ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ቤተሰብ «እናታችን እየተመገበች ነው» ብሎ ሲጽናና የሚደርሳት ግማሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ለብዙ ቀናት ሳይበላ የቆየን ሰው በአንዴ ሙሉ መጠን መመገብም አደጋ አለው፤ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በድንገት ወርዶ የልቡን ምት ሊያዛባው ይችላል። ይህ እንግዲህ የምግቡ ዓይነትና መጠን ብቻ ባለመጻፉ የሚመጣ ጣጣ ነው። የሚብሰው ግን ምክንያቱ አለመጻፉ ነው።

አንዲት እናት እንውሰድ። ታሪኩ ለምሳሌ የተዋቀረ ነው፤ ቁርጥራጩ ግን ዋርድ ውስጥ ለሠራ ሁሉ አዲስ አይሆንም። እናቲቱ 78 ዓመታቸው ነው። ከመጀመሪያው ስትሮክ በኋላ በምርኩዝ ይሄዱ ነበር፤ ሁለተኛው ቀኝ ጎናቸውንም ንግግራቸውንም ወሰደባቸው። በ3ኛው ቀን በማንኪያ የተሰጣቸው ውሃ አሳላቸውና «ኤን ፒ ኦ» ተብሎ ተጻፈ፣ ምንም በአፍ አይሰጥ ማለት ነው። ቱቦ ገባላቸው። አስታማሚው ልጃቸው «የሚሻለውን አድርጉ» አለ። በ9ኛው ቀን የሳንባ ምች ተጨመረባቸው፤ ሲጠሩም ዓይናቸውን አይገልጡም። ያ ዕለት አርብ ነበር። በራውንድ ላይ ሲኒየሩ ሐኪም ወንድ ልጃቸውንና ሴት ልጃቸውን ወደ ጎን ጠርቶ በሰፊው አነጋገራቸው፤ ቱቦው ለተወሰኑ ቀናት እንዲሞከር፣ ካልረዳ እንዲወጣ ተስማሙ። ውይይቱ ጥሩ ነበር። ሆኖም ማንም አልጻፈውም።

ቅዳሜ ሌሊት እናቲቱ ደህና በቀረው ግራ እጃቸው ቱቦውን ጎትተው አወጡት። ዲዩቲ የነበረው ኢንተርን ካርዱን ሲያይ «ቱቦ ይግባ» የሚለው ትእዛዝ እንዳለ ነው። በሦስተኛው ሙከራ አስገባውና ግራ እጃቸውን በጎዝ ከአልጋው ጋር አሰረው። እሑድ ጠዋት ከዱባይ የገባው ታላቅ ልጅ እናቱን የታሰረች እጅ ይዛ አገኛት። «ማነው ይህን የወሰነው?» ሲል መልስ የሚሰጠው ጠፋ፤ አርብ ያነጋገራቸው ሐኪም ዕረፍት ላይ ነው፣ ኢንተርኑም ስለ አርቡ ውይይት አንድም የሰማው የለም። ኢንተርኑ ጥፋተኛ አይደለም፤ የተጻፈውን ፈጸመ።

አርብ የተባለው ቢጻፍ ኖሮ ይህን ይመስል ነበር፦

«ሁለተኛ ስትሮክ፣ 9ኛ ቀን። ሲጠሩ ዓይን አይገልጡም፤ የሳንባ ምች አለ። ራሳቸው መወሰን አይችሉም። ወንድ ልጃቸው እንደሚለው ከመጀመሪያው ስትሮክ በኋላ ‹ደግሞ እንዲህ ከወደቅሁ በማሽን አታቆዩኝ› ብለው ነበር። ስለ ምግብ ቱቦ ለይተው የተናገሩት የለም። ከወንድና ከሴት ልጃቸው ጋር ተነጋግረናል፤ ዱባይ ላለው ልጅ ዛሬ ማታ እኔው እደውላለሁ። ቱቦው የገባው መዋጥ እስኪመለስላቸው ነው። እስከ 14ኛው ቀን ይሞከራል። በዚያን ዕለት ሲጠሩ ዓይን የሚገልጡና ምራቃቸውን መዋጥ የጀመሩ ከሆነ ይቀጥላል፤ ካልሆነ ይወጣል። ከዚያ በፊት ቱቦው ከወጣ በሌሊት አይመለስ፤ ጠዋት ሲኒየሩ ይየው። እጅ አይታሰር። አፍ በየ2 ሰዓቱ ይረጥብ፤ ሕመም ወይም የትንፋሽ ጭንቀት ካለ የታዘዘው ሞርፊን ይሰጥ።»

ይህን ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከሁሉ የሚከብደው ዓረፍተ ነገር «ለይተው የተናገሩት የለም» የሚለው ነው። ልጆች በጭንቅ ሰዓት እናታቸው ያለችውንና እነሱ የሚመኙላትን ይቀላቅላሉ፤ ማንም ቢሆን ይቀላቅላል። ሐኪሙ የተሰማውን ከተገመተው ለይቶ ካልጻፈ፣ የልጅ ግምት በሦስተኛው ቀን የእናት ኑዛዜ ሆኖ ይነበባል። «ቤተሰብ እምቢ አለ» ወይም «ቤተሰብ ተስማማ» የሚለው አጻጻፍም እንዲሁ ነው። የትኛው ቤተሰብ? ምን ተነግሮት? በምኑ ተስማማ?

ዓላማው እንዲጻፍ የሚያስገድድ ሌላም ምክንያት አለ፤ ቱቦው ለሁሉም በሽታ አንድ ዓይነት ጥቅም የለውም። ስትሮክ ይዟቸው መዋጥ ያቃታቸው 859 ሕመምተኞች የተካፈሉበትና በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነበር። ቶሎ በቱቦ ከተመገቡት መካከል የሞቱት ከ100 ሰው 6 ያህል ያነሱ ነበሩ፣ ምንም እንኳ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ጥናቱ ባይክድም። ነገር ግን በከባድ የአካል ጉዳት የተረፉት 5 ያህል ጨመሩ። ስለዚህ በስትሮክ መጀመሪያ ቀናት ቱቦ መሞከር ምክንያት አለው፤ ልጆቹ ግን የሚሞከረው ምን እንደሆነ ማወቅ አለባቸው። የመርሳት በሽታ መጨረሻው ደረጃ ላይ ለደረሰ አዛውንት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋም ለእንዲህ ያለው ሰው ቱቦ አይመክርም፤ በእጅ ቀስ ብሎ ማጉረስን ይመርጣል፤ ቱቦው ዕድሜ ሲያረዝምም ሆነ ትንታን ሲከላከል አልታየምና። ጉርሻ ለሚያውቅ አገር ይህ እንግዳ ምክር አይሆንም።

ቤተሰብን የሚያስጨንቀው «በረሃብ ገደልናት» የሚለው ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በአሜሪካ በአንድ ማዕከል ሊሞቱ የተቃረቡ 32 ሕሙማን ክትትል ተደርጎላቸው ነበር፤ አብዛኞቹ ካንሰር ያለባቸው ነበሩ። 20ዎቹ ጨርሶ ረሃብ አልተሰማቸውም፤ 11ዱ የተሰማቸው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነበር። የአፍ መድረቅ የተሰማቸውን ደግሞ ጥቂት ጉርሻ፣ ጥቂት ፉት የምትባል ውሃና ከንፈርን ማርጠብ አስታገሠላቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ለሁሉም ታካሚ መልስ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም አንድ ነገር ያመላክታል፦ «ኤን ፒ ኦ» የሚለው ትእዛዝ ሰው እስኪሞት ድረስ ሳይሰረዝ ሲቆይ፣ ነርሷ አንዲት ማንኪያ ውሃ መስጠት ትፈራለች፤ ታካሚው የሚጠማውም ያኔ ነው። ሐኪሙ ቱቦውን ለማቆም ሲወስን «ኤን ፒ ኦ» መሰረዙንም በዚያው ገጽ ላይ መጻፍ አለበት። «ምቾት ብቻ» ብሎ መተውም አይበቃም፤ በአንዱ ፈረቃ ማገላበጥና ማስታገሻ እንደማለት ሲነበብ፣ በሌላው ፈረቃ ምንም አለማድረግ ሆኖ ይነበባል።

ሚኒስቴሩ በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያ አውጥቷል። ሐኪሞች ግን በግል ሲያወሩ የሚያነሱት ፍርሃት አለ፤ ቱቦ አለማስገባት ይቀላቸዋል፣ የገባውን ማውጣት ግን የሚያስከስስ ይመስላቸዋል። በዚህ የተነሳ አንዳንዱ ሊረዳ የሚችለውን ቱቦ ጭራሽ ሳይሞክር ይቀራል፤ ሌላው አንዴ ያስገባውን ማንሳት ይፈራል። ሚኒስቴሩ ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር መክሮ፣ በተወሰነ ቀን የተሞከረና ዓላማውን ያልመታ ቱቦ በምክክር ሲወጣ በሕግ እንዴት እንደሚታይ በጽሑፍ ቢያሳውቅ ፍርሃቱ መልክ ይይዛል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንድ «ሞልስት» የሚባል ቅጽ አለ። የሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ታካሚው ከሆስፒታል ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ስለ ቱቦ ምግብ ካሉት ምርጫዎች አንዱ «ለሙከራ» የሚል ሲሆን፣ አጠገቡ የጊዜ ገደቡ የሚሞላበት ባዶ ቦታ አለ። ያንን ባዶ ቦታ መዋስ ይገባል። ቅጹን እንዳለ መገልበጥ ግን አያስፈልግም። ምልክት የሚደረግበት ሣጥን ምክንያትን አይናገርም፤ እሑድ ጠዋት ከዱባይ የመጣው ልጅ የጠየቀውም ምክንያቱን ነበር።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ገጹን መጀመሪያ በጥቂት የስትሮክና የካንሰር ዋርዶች ይሞክረው። በካርዱ ፊት ከትእዛዝ ወረቀቱ በላይ ይቀመጥ፤ ዲዩቲ ያለ ሐኪም በሌሊት መጀመሪያ የሚያየው እሱን እንዲሆን። ከሦስት ወር በኋላ በቱቦ የተመገቡ ታካሚዎች ካርድ ይገለጥና የግምገማው ቀን መጻፉ፣ በዚያም ቀን ሰው መጥቶ ማየቱ ይጣራ። ቀኑ ተጽፎ ማንም ሳያየው ካለፈ ገጹ አልሠራም ማለት ነው።

ቱቦው እንዳለ ወደ ቤት የሚሄዱም አሉ። ለእነሱ የገጹ የታችኛው ክፍል ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፦ ምን፣ ስንት፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚሰጥ፤ ሲመገቡ ጭንቅላታቸው ከፍ ብሎ እንዲቆይ፤ ቱቦው አፍንጫ ላይ ስንተኛው ሴንቲ ሜትር ላይ እንደተለጠፈና ቁጥሩ ከተለወጠ ምንም እንዳይሰጥ። ቱቦው ቢወጣ ወደ ሆስፒታል መመለስ ይኑርባቸው አይኑርባቸው፣ በሌሊትም ማንን በየትኛው ስልክ እንደሚጠይቁ እዚያው ይጻፍላቸው።