አድጀስቲንግ ኢንትሪ በሰንጠረዥ አይሸመደድም

ለመውጫ ፈተና እየተዘጋጃችሁ ያላችሁ የአካውንቲንግ ልጆች!

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አድጀስቲንግ ኢንትሪ ናቸው፤ ዓመቱ ሲዘጋ ስለሚደረገው የማስተካከያ ምዝገባ ማለት ነው። ከጥያቄው ጋር ደግሞ አንድ ሰንጠረዥ ፎቶ አንስታችሁ ትልኩልኛላችሁ። "ፕሪፔይድ ከሆነ ዴቢት ኤክስፔንስ፣ ክሬዲት አሴት፤ አንኧርንድ ከሆነ ዴቢት ላያቢሊቲ፣ ክሬዲት ሬቨኑ" እያለ የሚወርድ ነው። "መምህር፣ ይቺን ብሸመድዳት ይበቃኛል?" ትሉኛላችሁ።

አይበቃችሁም። ሰንጠረዡ ስህተት ሆኖ አይደለም፤ የሚሠራው በአንድ ሁኔታ ብቻ ስለሆነ ነው። ያንን ሁኔታ ደግሞ ሰንጠረዡ አይነግራችሁም። ፈታኙ ግን ያውቀዋል፣ ጥያቄውንም የሚያወጣው ከዚያው ላይ ነው። እስቲ ይቺን ሞክሯት፦

አንድ ማተሚያ ቤት መጋቢት 1 ቀን የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ 240,000 ብር ቀድሞ ከፈለ። ሲከፍል ሙሉውን ገንዘብ ሬንት ኤክስፔንስ ብሎ መዘገበው። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ትክክለኛው አድጀስቲንግ ኢንትሪ የቱ ነው?

ሀ) ዴቢት ሬንት ኤክስፔንስ 80,000፣ ክሬዲት ፕሪፔይድ ሬንት 80,000
ለ) ዴቢት ፕሪፔይድ ሬንት 80,000፣ ክሬዲት ሬንት ኤክስፔንስ 80,000
ሐ) ዴቢት ሬንት ኤክስፔንስ 160,000፣ ክሬዲት ፕሪፔይድ ሬንት 160,000
መ) ዴቢት ፕሪፔይድ ሬንት 160,000፣ ክሬዲት ሬንት ኤክስፔንስ 160,000

ሰንጠረዡን የሸመደደ ልጅ "ቀድሞ የተከፈለ" የሚለውን ሲያይ ሳያመነታ "ሀ" ላይ ያከብባል። ወሩንም በትክክል ቆጥሯል፤ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ አራት ወር በ20,000፣ ይኸው 80,000። ስሌቱ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ስህተት ነው።

ለምን? ሰንጠረዡን ወደ ጎን እንተወውና ሦስት ነገር እንጠይቅ። መዝገቡ አሁን ምን ይላል? እውነቱ ምንድን ነው? መዝገቡን ወደ እውነቱ ለማምጣት ምን ይጨመር፣ ምን ይቀነስ? በቃ፣ አድጀስቲንግ ኢንትሪ ማለት የዚህ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ነው።

መዝገቡ አሁን የሚለው፦ ሬንት ኤክስፔንስ 240,000፣ ፕሪፔይድ ሬንት ዜሮ።

እውነቱ፦ ማተሚያ ቤቱ ቤቱን የተጠቀመበት አራት ወር ነው። ስለዚህ የዘንድሮ ወጪው 80,000 ነው። የቀረው የስምንት ወር 160,000 ደግሞ ገና ያልተጠቀመበት መብት ነው። ከሐምሌ እስከ የካቲት ቤቱ ውስጥ ተጨማሪ ሳይከፍል ይቀመጥበታል፣ ስለዚህ ሀብት ነው።

ልዩነቱ፦ ወጪው ከ240,000 ወደ 80,000 መውረድ አለበት፣ 160,000 ይቀነሳል። ሀብቱ ከዜሮ ወደ 160,000 መውጣት አለበት። ሀብት ሲጨምር ዴቢት፣ ወጪ ሲቀንስ ክሬዲት። መልሱ "መ" ነው።

አሁን የጥያቄውን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ማተሚያ ቤቱ ሲከፍል ፕሪፔይድ ሬንት ብሎ መዝግቦ ቢሆንስ? መዝገቡ የሚለው ፕሪፔይድ 240,000፣ ኤክስፔንስ ዜሮ ይሆናል። እውነቱ ግን አልተቀየረም፤ ወጪ 80,000፣ ሀብት 160,000 ነው። ስለዚህ ሀብቱ በ80,000 ይቀንሳል፣ ወጪው በ80,000 ይጨምራል። አሁን መልሱ "ሀ" ሆነ። ሰንጠረዡ የሚያውቀው ይህችኛዋን ብቻ ነው።

ልብ በሉ፣ በሁለቱም መንገድ ሰኔ 30 ላይ የምንደርሰው እዚያው ነው፤ ወጪ 80,000፣ ሀብት 160,000። የተለያየው መነሻችን ነው። መነሻውን ሳያዩ መንገዱን መሸምደድ ደግሞ የት እንደቆሙ ሳያውቁ "ወደ ቀኝ ታጠፍ" እንደመባል ነው።

"ሀ"ን የመረጠው ልጅ ስህተቱን ራሱ ሊይዘው ይችል ነበር። ኢንትሪውን ወደ ሌጀር ያስገባውና ያስበው። ሬንት ኤክስፔንስ 240,000 ነበር፣ 80,000 ሲጨመርበት 320,000 ሆነ። የዓመቱ ኪራይ በሙሉ 240,000 ሆኖ የአራት ወሩ 320,000? ፕሪፔይድ ሬንት ደግሞ ዜሮ ላይ 80,000 ክሬዲት ተደርጎበት ከዜሮ በታች ወረደ። ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም። እንዲህ ዓይነት ባላንስ ባያችሁ ቁጥር የተሳሳተ አቅጣጫ እንደሄዳችሁ እወቁ።

"እሺ፣ ግን ወጪ ሲጨምር ለምን ዴቢት ሆነ? እሱስ ሽምደዳ አይደለም?" የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሀብት ከዕዳና ከካፒታል ድምር ጋር እኩል ነው የምትለዋን ቀመር ያዙ። ሀብት በግራ ነው፣ ሲጨምር በግራ ይጻፋል፤ ግራ ማለት ዴቢት ነው። ዕዳና ካፒታል በቀኝ ናቸው፣ ሲጨምሩ በቀኝ ይጻፋሉ፤ ቀኝ ክሬዲት ነው። ገቢ ካፒታልን ስለሚያሳድግ ካፒታልን ተከትሎ በቀኝ ይገባል። ወጪ ካፒታልን ስለሚበላ በተቃራኒው በግራ ይገባል። ዴቢት "መጥፎ"፣ ክሬዲት "ጥሩ" ማለት አይደለም፤ ጎን ብቻ ናቸው። ይህቺን የያዘ ሰው የትኛውም አካውንት ቢመጣበት ጎኑን ራሱ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ልጆችን የሚያደናቅፈው ቦታ ገና ያልተከፈለ ወጪ ነው። የዚሁ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራሉ፣ ደሞዛቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ይወስዳሉ፤ በሳምንት 18,000 ብር፣ በቀን 3,000። ሰኔ 30 ማክሰኞ ዋለ እንበል። ብዙ ልጅ ሳላሪ ኤክስፔንስን ዴቢት ያደርግና ክሬዲቱን ካሽ ላይ ይጥለዋል።

መዝገቡ ምን ይላል? ስለ ሰኞና ማክሰኞ ምንም። እውነቱስ? ሠራተኞቹ ሁለት ቀን ሠርተዋል፣ የ6,000 ብር ወጪ ተፈጥሯል። ካዝናው ግን አልተነካም፣ ገንዘቡ እዚያው አለ። የተፈጠረው የመክፈል ግዴታ ነው፣ ማለትም ዕዳ። ስለዚህ ዴቢት ሳላሪ ኤክስፔንስ 6,000፣ ክሬዲት ሳላሪ ፔያብል 6,000። ሐምሌ 4 ቅዳሜ 18,000 ሲከፈል ሪቨርሲንግ ኢንትሪ ካልተሠራ በስተቀር፣ ፔያብል 6,000 ዴቢት ሆኖ ዕዳው ይዘጋል፣ የአዲሱ ዓመት ወጪ 12,000 ዴቢት ይሆናል፣ ካሽ 18,000 ክሬዲት ይደረጋል። ካሽ የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው።

ከዚህ የምትወጣ አንዲት መፈተሻ አለች። በመደበኛ አድጀስቲንግ ኢንትሪ ውስጥ አንዱ አካውንት ከባላንስ ሺት፣ ሌላው ከኢንካም ስቴትመንት ይመጣል፤ ካሽ አይገባበትም። ካሽ የገባበት ምርጫ ካያችሁ ጠርጥሩት። ግን ገደቧንም እወቁ፤ ጥያቄው "ስህተት አርሙ" የሚል ከሆነ፣ ለምሳሌ 5,400 ብር ክፍያ በስህተት 4,500 ተብሎ ከተመዘገበ፣ ያ የእርማት ምዝገባ እንጂ አድጀስቲንግ ኢንትሪ አይደለም። እዚያ ላይ ካሽ ሊነካ ይችላል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ጉዳይ አይስማማኝም። "ፈተና ላይ ሰዓት የለም፤ ልጆቹ ሰንጠረዡን ይዘው ይግቡ፣ ምክንያቱን ሥራ ላይ ይማሩታል" ይላል። ስለ ሰዓቱ ያለው ጭንቀት እውነት ነው። እኔ ግን ሒሳቡን በሌላ በኩል ነው የማየው። ሦስቱ ጥያቄዎች ከለመዷቸው አንድ ደቂቃ አይፈጁም። ከዚያም በላይ የሚቀጥለውን ጥያቄ በነፃ ይመልሱላችኋል።

ለምሳሌ ፈተና ላይ "ማስተካከያው ቢረሳ የተጣራ ትርፉ ምን ይሆናል?" የሚል ጥያቄ የተለመደ ነው። ሰንጠረዡ እዚህ ዝም ይላል። መዝገቡንና እውነቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ልጅ ግን መልሱ ፊቱ ላይ ነው። ኪራዩ በኤክስፔንስ ተመዝግቦ ማስተካከያው ከተረሳ፣ ወጪው ከእውነቱ በ160,000 በልጧል፤ ስለዚህ ትርፍም ሀብትም በ160,000 አንሰው ይታያሉ። በፕሪፔይድ ተመዝግቦ ከተረሳ ግን ወጪው በ80,000 አንሷል፤ ስለዚህ ትርፍም ሀብትም በ80,000 ተጋነው ይታያሉ። ያው ኪራይ፣ ያው መርሳት፣ ተቃራኒ ውጤት። ሥራ ላይ ደግሞ ከተሳሳተ ትርፍ ላይ የሚሰላው ግብርም የተሳሳተ ነው። "ሥራ ላይ ይማሩታል" የሚለው ክርክር የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው፤ የመማሪያው ዋጋ የሚከፈለው በሰው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ተዉትና ዛሬ ማታ አሥር ጥያቄ ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ወረቀቱን ለሁለት ከፍላችሁ በግራ "መዝገቡ የሚለው"፣ በቀኝ "እውነቱ" ብላችሁ ጻፉ። ዴቢትና ክሬዲት የሚሉትን ቃላት ልዩነቱ እስኪወጣ ድረስ አትጻፏቸው።

የመጀመሪያዋን ከእኔ ውሰዱ። የማተሚያ ቤቱ አከራይ ያንኑ 240,000 ብር መጋቢት 1 ተቀብላ ሙሉውን ሬንት ኢንካም ብላ መዝግባለች። የእሷም ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። አድጀስቲንግ ኢንትሪዋ ምንድን ነው? ብትረሳውስ ትርፏና ዕዳዋ በምን ያህል፣ ወደየት ይሳሳታሉ? መልሱን ከነምክንያቱ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ምክንያት የሌለው መልስ፣ ልክ ቢሆንም፣ አላርምም።