ስለ ሰገነት ዕቃና ስለ ሕንፃ ሥዕል እውነተኛነት

ሕንፃ ከመሠራቱ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ተሥሎ ለፈቃድ ሰጪው ሹም የሚቀርበው ሥዕል እንደ ምስክር ቃል የሚቈጠር ነው፤ ምስክርም የሚያውቀውን ሊሰውር አይገባውም። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት በአዲስ አበባ፥ በሥዕሉ አናቱ ባዶ ሆኖ የታየው ሕንፃ፥ ሥራው ሲፈጸም ጥቁር የውሃ ሮቶ በብረት ቆጥ ላይ ተሸክሞ መገኘቱ የተለመደ ሆኗል። ሠዓሊው የሕንፃው ቁመና እንዳይበላሽበት ፈርቶ ዕቃውን ይተወዋል። መድኃኒቱ ግን ዕቃውን መተው ሳይሆን ስፍራውን በልክ መምረጥ ነው።

ልኩም እንዲህ ይገኛል። የሰገነቱ ዙሪያ ግንብ ጫፍ ከምድር 16 ሜትር ከፍ ያለ ሕንፃ ቢኖርና ተመልካቹ ከግድግዳው 24 ሜትር ርቆ ቢቆም፥ ዓይኑ 1.6 ሜትር ከፍታ ስላለው፥ ከዓይኑ ተነሥቶ የግንቡን ጫፍ ነክቶ የሚያልፈው መስመር በየሜትሩ 60 ሳንቲሜትር ይወጣል። ስለዚህ ከግንቡ ጫፍ በላይ 2 ሜትር የሚወጣ ሮቶ 3 ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ቢገባ አይታይም። ተመልካቹ ወደ 72 ሜትር ቢርቅ ግን መስመሩ በየሜትሩ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ይወጣልና፥ ያው ሮቶ እንዳይታይ 10 ሜትር መግባት ያሻዋል፤ ጠባብ ሕንፃም ይህን ስፍራ አያገኝም።

ከሩቅ መሰወር ካልተቻለ መሰብሰብ ይገባል። ሮቶዎቹ በየማዕዘኑ ከሚበተኑ ይልቅ ከደረጃው ቤት አጠገብ ሆነው በአንድ ግድግዳ ቢከበቡ፥ ዓይን ብዙ ዕቃ ሳይሆን አንድ ቅርጽ ያያል። ሆኖም 5 ሺህ ሊትር ውሃ 5 ቶን ይመዝናልና፥ ስፍራው ሸክሙን መቻሉን መሐንዲሱ ይመርምር። ቆጡን ማሳጠርም ቁመናውን ያሳምራል፤ ነገር ግን የላይኛው ፎቅ የውሃ ግፊት ስለሚያንሰው ፓምፕ ሊያስፈልገው ይችላል።

የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ግን ለመሰወር ይቀላል። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ቢያዘነብል ጫፉ የሚነሣው 35 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ፥ 1 ሜትር ግንብ ይጋርደዋል። የሚያሳስበው ጥላ ነው። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በሰሜን በኩል፥ በቀረው ወራት በደቡብ በኩል ትሆናለችና የሮቶው ጥላ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ስለዚህ ሠዓሊው በሥዕሉ ላይ ፀሐይን በሰኔና በታኅሣሥ ልክ አድርጎ፥ ጥላው ሰሌዳውን አለመንካቱን ይመልከት።

እንግዲህ ሹሙ አንድ ሥዕል ተቀብሎ አይርካ፤ በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ አንዱ ከቅርብ አንዱ ከሩቅ የተሣሉ ሁለት ሥዕሎች ይጠይቅ። በጣሪያው ፕላን ላይ ያሉትንም ሮቶዎችና ሰሌዳዎች ቈጥሮ ከሥዕሉ ጋር ያመሳክር። በፕላኑ ያለው ዕቃ በአንዱም ሥዕል ላይ ካልታየ፥ የከለለው ግንብ ወይም ግድግዳ ይጠቈመው፤ የሚከልለው ከሌለ ግን ሥዕሉ ታርሞ እስኪመጣ ድረስ ፈቃዱ ሊቈይ ይገባል።