በረዶ የሠራ ሥጋ ለማታ ወጥ እንዴት ይድረስ?

ከሥራ ውላችሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ቤት ስትገቡ፣ ለእራት ያሰባችሁት ግማሽ ኪሎ ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይጠብቃችኋል። ልጆች ርቧቸዋል። ታዲያ ምን ይደረግ?

ሰሞኑን ይህንኑ ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ስንጨዋወት፣ «እኔስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ትቼው እሄዳለሁ፤ ማታ ለስልሶ ይጠብቀኛል» አለችኝ። «11 ሰዓት ሙሉ ውጭ ዋለ ማለት አይደለም ወይ?» ብላት፣ «ቢውልስ ምን አለበት፣ እቴ! ወጡ ሲንተከተክ ጀርሙ ሁሉ ይሞት የለም ወይ?» ስትል መለሰችልኝ።

ይህ የብዙዎቻችን እምነት ነው፤ ነገር ግን አደጋ አለው። ብርድ ሥጋ ላይ ያሉትን ተሐዋስያን አይገድላቸውም፤ እንዲያንቀላፉ ያደርጋቸዋል እንጂ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሥጋ ደግሞ ባንድ ጊዜ አይሟሟም። መሐሉ ገና በረዶ ሳለ ላዩ የክፍሉን ሙቀት ያገኛል፤ የነቁት ተሐዋስያንም በፍጥነት ይራባሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ከእጃችን ወደ ምግብ የሚተላለፈው ስታፊሎኮከስ፣ ሲራቡ መርዝ ይተዋሉ። ድስቱ ሲንተከተክ ተሐዋስያኑ ይሞታሉ፤ መርዙ ግን በመፍላት አይጠፋም። ትውከትና የሆድ ቁርጠት የሚያስከትለውም እሱ ነው። ሽታውም ሆነ መልኩ ይህን አይነግረንም። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ ከ2 ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በሚበልጥበት ቆላ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትልቅ ሙዳ ጠረጴዛ ላይ አይሟሟምና ዘዴው አያዋጣም።

የሚሻለው ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ውኃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን ፈጥኖ ያስተላልፋል። ለመረዳት አንድ የበረዶ ቁራጭ ሳህን ላይ፣ ሌላውን ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ፤ የብርጭቆው ቀድሞ ያልቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥጋውን ባልተቀደደ ፌስታል ውስጥ ጨምሩ። አፉን ከውኃው በላይ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳፋ ውስጥ ዝቅ ስታደርጉት፣ ውኃው ፌስታሉን ተጭኖ አየሩን ያስወጣዋል፤ ያን ጊዜ አጥብቃችሁ እሰሩት። ውኃ ከገባበት ሥጋው ውኃ ይጠጣል፤ ጀርምም ይገባበታል። እንዳይንሳፈፍ ሳህን ጫኑበት። ውኃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሩት። ቧንቧ ከሌለ የጀሪካን ውኃ ይበቃል፤ የተደፋውም ለመጸዳጃ ቤት ይውላል። ለማፋጠን ብላችሁ ሙቅ ውኃ አትጠቀሙ፤ ላዩን አሙቆ ያንኑ የጠረጴዛውን ችግር ያመጣልና።

ግማሽ ኪሎ ሥጋ በዚህ መንገድ 1 ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይበቃዋል። ይህ ደግሞ የቀይ ወጥ ሽንኩርት በቀስታ ተቁላልቶ በርበሬው የሚበስልበት ጊዜ ነው። 12 ሰዓት ላይ ሥጋውን ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ ሽንኩርቱን ከጣዳችሁ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውኃውን ቀይራችሁ፣ 1 ሰዓት ላይ ሥጋው ለድስቱ ይደርሳል። ጣታችሁ ሙዳውን ሲጫን መሐሉ ጠጣር ካልሆነበት ሟሟ ማለት ነው። ትንሽ በረዶ ቢቀርበትም ለወጥ ችግር የለውም፤ መብሰያ ጊዜውን ማርዘም ነው።

ማይክሮዌቭ ያላችሁ በደቂቃዎች ታሟሙታላችሁ፤ ነገር ግን እኩል አያሟሟም። የማይክሮዌቭ ሞገድ በረዶን በደንብ አያሞቅም፤ የቀለጠውን ውኃ ግን አጥብቆ ያሞቃል። በመሆኑም መሐሉ በረዶ ሳለ ጠርዙ አመድማ ሆኖ መብሰል ይጀምራል። ሥጋውን ከፌስታሉ አውጥታችሁ ሳህን ላይ አድርጉ፤ በማሟሟያው ቁልፍ ወይም በ30 በመቶ ጉልበት ተጠቀሙ፤ በየ2 ደቂቃው እያቆማችሁ ገልብጡት፤ የለቀቁትን ቁርጥራጮች ለዩአቸው። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ሥጋውን እስኪመጣ አታቆዩት፤ እሳት ካለ ወዲያው ድስት ውስጥ ጨምሩት።

በሁለቱም ዘዴ የተሟሟ ሥጋ ያኑ ጊዜ መብሰል አለበት፤ ሳይበስል ወደ ፍሪዘር አይመለስም፤ ለጥሬ ክትፎም አይሆንም። ፌስታሉን ጣሉት፤ እጃችሁን፣ ሳፋውንና መክተፊያውን ሰላጣ ከመነካቱ በፊት በሳሙና እጠቡ።

ጎረቤቴ አሁን ሥጋዋን ከገበያ እንደመጣች በግማሽ ግማሽ ኪሎ ከፍላ፣ በፌስታል ጠፍጥፋ ነው ፍሪዘር የምታስገባው። ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሟሟል። ጠረጴዛዋ ላይ ጠዋት የሚቀር ሥጋ የለም።