በሰዓቱ የደረሰው ጎርፉ ብቻ ነው!

«የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን በራሳችን ስንስቅ ኖረናል። ዛሬ ያንኑ ሳቅ በዜና መልክ ላቅርብላችሁ። ዜናው የኔው ፈጠራ ነው። ታሪኩን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

«ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የጠዋቱን የ1 ሰዓት ዜና ከረፋዱ በ5 ሰዓት እናሰማለን። በወረታ ከተማ ለጠዋቱ 2፡30 የተጠራ ስብሰባ ልክ በ2፡30 በመጀመሩ ከፍተኛ ድንጋጤ ተፈጠረ። በአዳራሹ የተገኙት የጽዳት ሠራተኛዋና ከጣራ ገዳም ግርጌ በሌሊት የተነሱ አንድ አዛውንት ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በሰዓቱ በመምጣታቸው ይቅርታ ጠይቀዋል። ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ አባላቱ ሲደርሱ ሥራ ይጀምራል። የአየር ጠባይ፤ የርብና የጉማራ ወንዞች የክብር እንግዳውን ሳይጠብቁ ሞልተው ወደ ፎገራ ሜዳ በመግባታቸው ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል።»

ዜናው አበቃ። ታዲያ የተሳቀው በማን ነው? በገበሬው ከሆነ ቀልዱ ከሽፏል። የፎገራ ገበሬ ጊዜ ያውቃል። ሩዙ ደርሶ አጨዳው ከዘገየ ፍሬው እማሳው ላይ ይረግፍበታላ! ይኸው ሰው ለስብሰባ ሲሆን ለምን ይዘገያል?

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጥሪው ለ2፡30 ነው። ገበሬው በ2፡30 ይደርሳል፤ የክብር እንግዳው በ4፡30። የገበሬው 2 ሰዓት በከንቱ ቀለጠ። በሚቀጥለው ጊዜ እሱም ብልጥ ይሆንና በ4፡30 ይመጣል። እንግዳው ደግሞ «ሕዝቡ ገና አልተሟላም» ሲባል በ5፡30 ብቅ ይላል። ጠሪው ይኼን አይቶ ለ4 ሰዓት የሚፈልገውን ሰው በ2 ሰዓት ይጠራል። ያኔ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ውሸት መሆኑን ጠሪም ተጠሪም ያውቃሉ። እንግዲህ ልማድ የምንለው ይህ ነው። በሰዓቱ የመጣው ተቀጣ፣ የዘገየው ተጨበጨበለት!

ውኃ ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ አያውቅም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቅ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ሲያፈናቅል «ሰው ይሟላ» አላለም። እኔን የሚያሳስበኝ የሠርጉና የቡናው ቀጠሮ አይደለም። ለጎርፍ መከላከያ የተጠራው ስብሰባም በዚሁ ሰዓት አቆጣጠር መሄዱ ነው።

መድኃኒቱ ስብከት አይደለም። 2፡30 ከተባለ በ2፡30 በሩ ይከፈት፣ ከመጡት ጋር ውሳኔው ይወሰን፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረም። የክብር እንግዳው በ4፡30 ሲደርስ የጽዳት ሠራተኛዋ ታንብብለት!